ድህነት በመቀስ ሲቀደድ

በብዙ የአማርኛ ፊልሞች ድሃው የሚታወቀው በተቀደደ ሸሚዙ ነው። ሸሚዙ ትናንት ከሱቅ የወጣ፣ ኮሌታው ገና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ትከሻው ላይ ግን በመቀስ ተቀዷል። እስቲ የትኛው ሸሚዝ ነው ከትከሻ ጀምሮ የሚያልቀው?

ልብስ የሚያልቅበትን ቦታ ለብሶ ያረጀ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮሌታው የሚታጠፍበት መስመር፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ክርኑ፣ የኪሱ አፍ፣ ጉልበቱ። ድሃ ደግሞ ቀዳዳውን ዝም ብሎ አያየውም፣ ይሰፋዋል። ቀለሙ ያልገጠመ ክር ወይም ከሌላ ሸሚዝ የመጣ አንድ ቁልፍ ሰውየው ችግረኛ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ክብሩን የሚጠብቅ መሆኑንም ይናገራል። መቀሱ ይህን አይናገርም።

«በጀት የለም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም። የአልባሳት ባለሙያዎች ልብስ የሚያስረጁት ደጋግመው በማጠብ፣ ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት በመፈተግ፣ የሚያበራውን ነጭ በሻይ ውሃ በማደብዘዝ ነው። ኮቱን አርጥበው ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ከትተው ካደረቁት ኪሱ የዓመታት ሸክም እንዳለበት ይንዘላዘላል። የሚፈልገው ጥቂት ቀናት ነው። ችግሩ ግን ልብሱ የሚታሰበው ቀረጻው ሊጀመር ሲል፣ አንዳንዴም ተዋናዩ ከቤቱ እንዲያመጣ ተነግሮት መሆኑ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስፓይክ ሊን «ማልኮም ኤክስ» ያየ ልዩነቱን ያውቃል። የአልባሳት ንድፍ ባለሙያዋ ሩት ካርተር የማልኮምን የእስር ቤት መዝገብ ሳይቀር አገላብጣለች። ወጣቱ ማልኮም ትከሻው የሰፋ፣ ኮቱ ወደ ጉልበት የወረደ፣ ሱሪው የተንቦረቀቀ ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ይንጎራደዳል። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ለልብስ የሚውለውን ሱፍ ገድቦ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ትርፍ ጨርቅ ፋሽን ብቻ አልነበረም፣ እምቢተኝነትም ነበር። በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወታደሮች እንዲህ የለበሱ ወጣቶችን መንገድ ላይ እየደበደቡ ልብሳቸውን ገፈዋል። ማልኮም እስር ቤት ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል። ሲወጣ ጠቆር ያለ ልክ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝና ቀጭን ክራቫት ይለብሳል። ሰውየው ራሱን መግዛቱን ተመልካች ንግግሩን ሳይሰማ ያውቀዋል።

የእኛዎቹ የድሮ ዘመን ሲሠሩ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ታሪኩ በ1966 ዓ.ም. ከሆነ ከተማው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ እግሩ ሰፊ ሱሪ ይታጠቃል። በዚያ ዓመት የስድሳ ዓመት ጸሐፊ የነበረ ሰው ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ከሃያ ዓመት በፊት የተሰፋለት ኮት ነው፤ አሁን ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል።