መሸኛ የሌለው ጭነት

ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋም ስለ ምንዛሪም አልጽፍም። የምጽፈው ልጆቻችን ለሒሳብ ሥራ ሲያመለክቱ ከሲቪያቸው ጋር ስለሚልኩት አጭር ኢሜይል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዚህ ድንበር ዲግሪ ይዘው ሻይ የሚያፈሉና ጆንያ የሚቆጥሩ ልጆች ስላሉን እንነጋገርበት።

ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ሸሪኮቼ ገዳሪፍ ላለው መጋዘናችን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፈልገን ነበር። 23 ኢሜይል ደረሰን። ኮሜርስ በዲፕሎማ የጨረስሁት እኔ ስለሆንሁ የማንበቡ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ከ23ቱ 9ኙ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ኢሜይል ነበር፤ ፋይሉ ብቻ ተንጠልጥሏል። 3ቱ «ሲቪዬን አያይዣለሁ» ይላሉ፣ የተያያዘ ነገር የለም። ከቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «በመሥሪያ ቤታችሁ ባለው ክፍት የሥራ መደብ ለመወዳደር ስለምፈልግ እንዲተባበሩኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ይላሉ። ችግራቸውን በሦስት አንቀጽ የዘረዘሩም ነበሩ። አንብቤ አዝኛለሁ፤ ሒሳብ ይችሉ እንደሆነ ግን ከኢሜይላቸው ማወቅ አልቻልሁም።

ይህ አጻጻፍ የመጣው ከማመልከቻው ዘመን ነው። ያኔ አመልካቹ ራሱ ወረቀቱን ይዞ መዝገብ ቤት ይቀርባል፤ ማስረጃው ዋናው ከቅጂው ጋር እዚያው ይመሳከራል፣ ጥያቄ ካለም ፊት ለፊት ይጠየቃል። ወረቀቱ የሰውዬው መግቢያ እንጂ ወኪሉ አልነበረም። ኢሜይል ሲሆን ግን አመልካቹ የለም። ኃላፊው ስልኩ ላይ የሚያየው ርእሱንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ነው፤ ሲቪውን ይክፈት አይክፈት የሚወስነውም በእነሱ ነው።

እኛ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። ጭነት ያለ መሸኛ ኬላ አያልፍም። መሸኛው ምን ዓይነት እህል እንደተጫነ፣ ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ሾፌሩ ስንት ልጆች እንዳሉት አይናገርም። ተቆጣጣሪው መሸኛውን ከጭነቱ ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማ ያልፋል። ለእኔ ከሲቪ ጋር የሚሄደው ኢሜይል ይኸው መሸኛ ነው።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ። በ2010 ዓ.ም በአካውንቲንግ ዲግሪዋን ይዛ፣ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ሁመራ ለአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሒሳብ ያዘች። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲነሣ እንደ ብዙ ሰው ተከዜን ተሻግራ ሐምዳይት ገባች። አሁን ገዳሪፍ ናት። አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ መጀመሪያ የጻፈችው ኢሜይል አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ግማሹ ስለ ስደቱ፣ ግማሹ ስለ ታታሪነቷ። «ታታሪ ነኝ ያላለሽ አመልካች አይተሻል?» አልኋት። «ይልቅ ያኔ ሥራ ላይ ያገኘሽውን ችግር ንገሪኝ» ስላት ነው ዋናው ነገር የወጣው።

በመዝገቡና በመጋዘኑ መካከል የ38 ኩንታል ልዩነት ተገኝቶ ነበር። መዝገቡ አለ የሚለው ሰሊጥ ሲቆጠር ጎደለ። ሁሉም መጋዘን ጠባቂውን ጠረጠረ። እሷ ግን የገቢ ደረሰኞቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድራ አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። አንድ የ26 ኩንታል ደረሰኝ አንዴ ከዋናው፣ አንዴ ከካርቦን ቅጂው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። የቀረው 12 ኩንታል ደግሞ ሰሊጡ ሲበጠር የወጣ አፈርና ገለባ ነው፤ መዝገቡ የያዘው ከመበጠሩ በፊት ያለውን ሚዛን ነበር። 26ና 12፣ 38። ጠባቂውም ከሥራ ከመባረር ዳነ። ይህን ታሪክ ይዛ «ታታሪ ነኝ» ብላ ልትልክ ነበር!

ከዚያ እንዲህ ብለን ጻፍነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ስለነበር የላከችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ መጻፍ ይገባልና። እዚህ በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ። ርእሱ `Application: Accountant, Gedaref` ብሎ ከኋላው ሙሉ ስሟን ያስከትላል።

«ለሰው ኃይል ኃላፊ፦

ለገዳሪፍ ቢሯችሁ ላወጣችሁት የሒሳብ ሠራተኛ መደብ አመለክታለሁ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከጁላይ 2018 እስከ ኖቬምበር 2020 ሁመራ በሚገኝ የሰሊጥ ንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ።

ሥራዬ የዕለት ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ የ14 ሠራተኞች ደመወዝ ማዘጋጀትና በየወሩ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነበር። በመዝገብና በመጋዘን ቆጠራ መካከል የተገኘን የ38 ኩንታል ልዩነት አጣርቼ፣ 26ቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ፣ 12ቱ የማበጠር ጉድለት መሆኑን በሰነድ አሳይቻለሁ። በፒችትሪና በኤክሴል እሠራለሁ።

በጦርነቱ ምክንያት ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሱዳን እገኛለሁ፤ በዚህ ጊዜ የቤተሰቤን አነስተኛ ንግድ መዝገብ ይዣለሁ። የዲግሪዬ ዋናው ከእኔ ጋር የለም፤ ቅጂውን አያይዣለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለኝም፤ የቀድሞ አሠሪዬ በስልክ ለማረጋገጥ ፈቃደኛ ናቸው፤ ስልካቸው በሲቪው መጨረሻ ላይ አለ።

የምኖረው ገዳሪፍ ስለሆነ ለቃለ መጠይቅ በፈለጋችሁት ቀን መቅረብ እችላለሁ።

የተያያዙ፦ ሲቪ 2 ገጽ፣ የዲግሪ ቅጂ 1 ገጽ።

ከሰላምታ ጋር»

ሙሉ ስሟና ስልኳ ከታች ተጽፏል። በቃ።

በዚህ ውስጥ ብዙ ያጨቃጨቀን የጦርነቱ መስመር ነበር። እሷ ጨርሶ ልታወጣው ፈለገች፤ አፈረች። እኔ ደግሞ መቅረት የለበትም አልሁ። ሲቪው ላይ ከ2020 በኋላ ባዶ ቦታ ካለ አንባቢው ራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላውም በክፉ ነው፦ ተባራ ይሆናል፣ ገንዘብ አጉድላ ይሆናል። ለገንዘብ ያዥ ሥራ ይህ ጥርጣሬ ከባድ ነው። ስለዚህ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለስ። ስለ ወረቀቱም እንደዚሁ። ብዙዎቻችን ማስረጃችንን ቤት ጥለን ነው የወጣነው። «ማስረጃ አለኝ» ብሎ ኋላ ሲጠየቁ ከመርበትበት፣ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት ይሻላል። ሒሳብ ያዥ ጉድለቱን ሌላ ሰው ከማግኘቱ በፊት ራሱ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ነው። የሥራ ፈቃድ ነገርም አለ፤ ሱዳን ውስጥ የውጭ ዜጋ ሊጠየቅ ይችላልና ማስታወቂያው ካነሣው ያላችሁን ወረቀት በስሙ ጥሩ።

ሁለተኛው የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ነው። ይህ ብዙ ልጅ ይጥላል። ከመስከረም 1 እስከ የፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይጨመራል፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8። ሐምሌ 2010 ጁላይ 2018 ይሆናል፤ የጥቅምት 2013 መጨረሻ ግን ኖቬምበር 2020 ነው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ለሁለቱም 8 ጨምራ ኖቬምበር 2021 ብላ ነበር። አንድ ዓመት ያልሠራችውን ሥራ ለራሷ ጻፈች ማለት ነው። አሠሪዋ በስልክ ሲጠየቁ 2020 ቢሉ ውሸታም ትባል ነበር። ለእኛ ከመጡት መካከል ኢሜይሉ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ሲቪው ላይ በፈረንጅ የጻፈ ልጅ ነበር፤ ሳነበው ከመመረቁ በፊት ሥራ የጀመረ ሆነብኝ። ለሌላ ሥራ ይታለፍ ይሆናል። ሁለት ወረቀት ማመሳከር ሥራው ለሆነ ሰው ግን ይህ ራሱ ፈተናው ነው፣ ወድቋል።

ሦስተኛው የፋይሉ ነገር ነው፤ እሱን ባጭሩ ልለፈው። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ 12 ፎቶ መላክ ይቅር። በደካማ ኔትወርክ አይወርድም፣ ቢወርድም ማንም ገጽ በገጽ አያገላብጥም። ሲቪው አንድ ፒዲኤፍ ይሁን፤ የፋይሉ ስም `scan0001.pdf` ሳይሆን የራሳችሁ ስም ይሁን፣ ኃላፊው ኋላ ሲፈልገው እንዲያገኘው። ፋይሉን አስቀድማችሁ አያይዙ፣ ጽሑፉን ቀጥሎ ጻፉ፣ የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ሙሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ሲቪው ሳይያያዝ በስሕተት አይሄድም። ከዚያ መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩትና በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት።

ታላላቆቻችን «ሥራ የሚገኘው በሰው ነው፣ ኢሜይል ምን ያደርጋል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ውሸት አይደለም፤ እኔም ሰው ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው የማውቀውን ነው። ግን የሚያውቃችሁ ሰውም ቢሆን ለኃላፊው የሚያስተላልፈው ያንኑ ኢሜይል ነው። ባዶ ከሆነ እሱንም አሳፈራችሁት። ሌሎች ደግሞ «ትሕትናውን አወጣሽው» ይሉኛል። ትሕትና እኮ አላወጣሁም፤ ልመናውን ነው ያወጣሁት። ሰላምታው አለ፣ አክብሮቱ አለ። የሰውን ጊዜ ሳያባክኑ መጻፍም ትሕትና ነው።

የእህቴ ልጅ ለጽሑፍ ፈተና ተጠራች። ቃለ መጠይቁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያ 12 ኩንታል የማበጠር ጉድለት መሆኑን በምን አረጋገጥሽ?» የሚል ነበር። ከመበጠሩ በፊትና በኋላ የተመዘነበትን የሚዛን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ እንዳየች ነገረቻቸው። ሥራውን አላገኘችም፤ ያገኘው ልጅ የአምስት ዓመት ልምድ ነበረው፣ ፍርዱ ትክክል ነው። ኢሜይል ያልሠሩትን ዓመት አይጨምርም። እሷ ግን ቤት ስትመለስ ያወራችው ስለ ሥራው አልነበረም። «እትዬ፣ ከተሻገርሁ ወዲህ ስለ ሒሳብ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዬ ነው» ነው ያለችኝ። እስከ ዛሬ የጠየቋት ሁሉ ስለ ስደቷ ነበር።

በማግስቱ ያንኑ ኢሜይል ከፈተች፤ የመደቡን ስምና የመጀመሪያውን መስመር ቀየረች፣ ቀኖቹን ከሲቪው ጋር እንደገና አመሳከረች፣ ለሌላ ድርጅት ላከች።