«እርስዎ» ብሎ መራቅ፦ ለአክስት የተጻፈ መልእክት እንዴት ይታረም?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ግን በየቤቱ አለ፤ እኛም ራሳችን ስንሠራው የኖርነው ጥፋት ነው። ለአዛውንት ዘመድ የምንጽፈውን መልእክት «ክብር ይጨመርበት» እየተባለ ስናርም ፍቅሩን አውጥተን እንጥለዋለን። «ፍቅር ይጨመርበት» ስንባል ደግሞ ክብሩን እናፈርሰዋለን። ሁለቱ አንድ ሚዛን ላይ ያሉ ይመስል አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን ዝቅ እናደርጋለን። ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑንም በአንድ መልእክት እናሳያችሁ።

እዚሁ ቡርቃ ጃቶ ከእኛ ጋር የሚውል አንድ ወንድማችን አለ። ከነቀምቴ ወጣ ብላ ገጠር የምትኖር የእናቱ እህት አለችው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እቴቴ» ይላታል። ፊደል አትቆጥርም። ስልኳ ላይ መልእክት ሲገባ የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች። ለዒድ አል አድሐ ትመጣለህ ወይ ብላ አስልካ ነበርና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ሰላም እቴቴ። ለዒድ አልመጣም ሥራ አለ። ብር ልኬያለሁ አይተሽ ንገሪኝ።»

ከእኛ አንዱ ይህን አየና ተቆጣ። «ለአሳዳጊህ እንዲህ ይጻፋል? አንቱታ የለም፣ አክብሮት የለም!» አለው። ልጁም ደንግጦ አረመው፦

«ክብርት አክስቴ፣ ለጤናዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በሥራ መደራረብ ምክንያት በበዓሉ ላይ መገኘት የማልችል መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። የተላከው ገንዘብ ሲደርስዎ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

እኛም አጨበጨብን። መልእክቱ ሄደ። እቴቴ የጎረቤቱን ልጅ ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ይሄ ልጅ ምን ብበድለው ነው?»

እስኪ ቆም ብለን እናስብ። ሴትየዋ ለምን እንደተበደለች ሳይሆን ምን እንደበደለች ጠየቀች? ምክንያቱ ቋንቋችን ውስጥ ነው። በአማርኛ «እርስዎ» እና «አንቱ» ሰውን ከፍ ያደርጋሉ፤ «አንቱ የተባለ ሰው» የምንለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ቃላት ሰውን ያርቃሉም። ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲላት የኖረ ልጅ ድንገት «እርስዎ» ሲል አድማጯ የምትሰማው ከፍ መደረጓን ሳይሆን የመጣውን ለውጥ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ «እርስዎ ያውቃሉ» መባባል የሚጀምሩት በአጋጣሚ አይደለም። ቃሉ የክብር ቃል ቢሆንም የሚናገረው ኩርፊያን ነው። እቴቴም የሰማችው እሱን ነው። «የማልችል መሆኑን እገልጻለሁ» የሚለው ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ቋንቋ ነው፤ ከዚያ ወንበር የሚጽፍ ሰው ልጇ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ፊት ለፊት ስትነጋገሩ የምትሉትን ጻፉ። በቤታችሁ አያት «አንቱ» ከተባሉ በስልክም «አንቱ» በሉ። እናትና አክስት «አንቺ» ከተባሉ «አንቺ» ይሁኑ። ይህ ከቤት ቤት ይለያያል። እዚህ ወለጋ ውስጥ ወላጆቻቸው በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ የእነሱ ቤት ልማድ አንድ ነው። በአፋን ኦሮሞ ያደገ ልጅ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ለአያቱ «አከም ጅርታ» ሳይሆን «አከም ጅርቱ» ብሎ በብዙ ቁጥር ያከብራል፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት የምትለየው። ይህ ልጅ ለአኮው የለመደውን «ኢሲን» ወደ አማርኛ ሲያመጣ «እርስዎ» ቢል ትክክል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ያ ነውና። የጎረቤቱን ቤት ሕግ በግድ መጫን ግን አክብሮትን አያመጣም፤ ያው የጎረቤት ሕግ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ «አንቺ» እያልን ክብሩን ከየት እናምጣው? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ክብር ያለው ተውላጠ ስም ላይ ብቻ ይመስለናል። የመጀመሪያውን መልእክት መልሳችሁ እዩት። ጥፋቱ «አንቺ» ማለቱ አይደለም። ጥፋቱ ሦስት ነው። ሰላምታው ሳይሞቅ «አልመጣም» ብሎ እምቢታውን አስቀደመ። ስለ እሷ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ስለ ራሱ ሥራ አወራ። በመጨረሻ «አይተሽ ንገሪኝ» ብሎ አዘዛት። ማስቀደም ያለበትን አስከትሎ መጠየቅ ያለበትን አዘዘ። በ«እርስዎ» የተጻፈውም ቢሆን እነዚህን ሦስቱን አላረመም። እምቢታውም፣ ራስን ማስቀደሙም፣ ገንዘቡም እንዳሉ ናቸው። ልብሱ ብቻ ተቀየረ።

ሁለተኛው ሕግ፦ መልእክቱ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ አስቡ። ፊደል የማትቆጥር አክስት ዘንድ የሚደርስ መልእክት የግል መልእክት አይደለም። የጎረቤት ልጅ ያነበዋል፤ ቡና ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል። «ብር ልኬያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር መንደሩ መካከል ተነበበ ማለት ነው። ነገ ብድር ጠያቂ ቢመጣባት፣ «የምትበላው አጥታ ነው የሚልክላት» ቢባል ተጠያቂው ማን ነው? ገንዘብ፣ በሽታና የቤት ገመና በድምፅ፣ ለራሷ ጆሮ ይነገር። ጽሑፉ ላይ «ማታ ከመግሪብ በኋላ እደውልልሻለሁ» ማለት ይበቃል። ባሏ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠው እየሰሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሷን «አንቺ» ብትላትም ስለ እሳቸው ስትጠይቅ «አጎቴስ ደህና ነው?» ሳይሆን «ደህና ናቸው?» በል፤ በቤቱ የሚባሉት እንደዚያ ከሆነ። የሌለን ሰው ማክበር የሚሰማውን ሰው ማክበር ነው።

ሦስተኛው ሕግ፦ ፍቅር በቅጽል አይገለጥም። «ውድ፣ የምወድሽ፣ የማከብርሽ፣ ብርሃኔ» ብሎ መደርደር፣ ከሌላ ስልክ የመጣ ባለ አበባ የዒድ መልእክት ስሙን ቀይሮ መላክ ማንንም አያሞቅም። ያንኑ መልእክት ለአርባ ሰው እንደላክነው እነሱም ያውቃሉ። የሚያሞቀው ለሌላ ሰው ሊላክ የማይችለው ነገር ነው፤ ጉልበቷ፣ ላሟ፣ የምትሠራው ቋንጣ።

ልጁ ሦስተኛ ጊዜ ሲጽፍ እንዲህ ሆነ፦

«አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ እቴቴ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? አጎቴስ ደህና ናቸው? አላህ ዓፊያውን ያብዛላችሁ። እቴቴ፣ ለዒድ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ ዘንድሮ አልሆነልኝም። የሱቁ ባለቤት ሐጅ ሄደዋል፣ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሲመለሱ በመጀመሪያው ጁሙዓ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ቋንጣዬን ግን አደራ። ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ እደውልልሻለሁ። ዱዓሽ አይለየኝ። ልጅሽ።»

አንድም «እርስዎ» የለበትም። ግን ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ሦስት ፊደል ሆኖ አልተቆረጠም። ጤናዋ ከእሱ ሥራ ቀድሟል። እምቢታው «አልመጣም» ሳይሆን «አልሆነልኝም» ሆኗል፤ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው፣ ሁለተኛው ቁጭት ነው። ምክንያቱ «ሥራ አለ» ከመሆን ይልቅ እሷ ለጎረቤት ልትናገረው የምትችል እውነት ነው። ትእዛዙ ወጥቶ ልመና ገብቷል፤ ልመናውም ዱዓ ነው። ከአዛውንት ዱዓ መለመን የእነሱን ቦታ ማወቅ ነው፤ ይህ ከአሥር «ክብርት» ይበልጣል።

አሁን በተቃራኒው የሚሳሳቱትን እንናገር። «እንግዲያው አንቱታ ይቅር፣ ዋናው ፍቅር ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አይደለም! ቤታችሁ «እርስዎ» ለሚባሉ አጎት «እንዴት ነህ» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። «ስልኩ ነው የቀየረው» ማለትም አያድንም። ከዚህ የባሰው ግማሽ ግማሽ መጻፍ ነው፤ «እርስዎ እንዴት ነህ፣ ስትመጣ ይደውሉልኝ»። «እርስዎ» ካላችሁ እስከ መጨረሻው ውሰዱት፤ እንዴት ነዎት፣ ጤናዎ፣ ደረሰዎት፣ ይደውሉልኝ። እያንዳንዱን ግሥ በጣት እየነካችሁ ተመልከቱ። አንድ ወጥመድም አለ። «መጡ ወይ?» ብቻ ብትጽፉ «እነሱ መጡ ወይ?» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ግሥ አንድ ነውና። «አጎቴ፣ መጡ ወይ?» በሉ። መጠሪያዋ ግልጽነትንም ሙቀትንም ባንዴ ታመጣለች።

«አላህ የሚያየው ልብን ነው፤ ቃል ምን ያደርጋል?» የሚልም አይጠፋም። ልብን የሚያየው አላህ ነው፤ እቴቴ ግን የምትሰማው የጎረቤቱን ልጅ ድምፅ ብቻ ነው። ደግሞስ ስለ ቃል ማን አዘዘን? ሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አያ ላይ ለወላጆች «ኡፍ» ማለት እንኳ ተከልክሎ የተከበረ ንግግር ታዝዟል። ቀጥሎ ያለው 24ኛው አያ ደግሞ ከእዝነት የሆነ ትሕትናን ያዝዛል። ክብሩና እዝነቱ ጎን ለጎን መጡ፤ አንዱ ሌላውን አልተካም። የእናት እህት በእናት ቦታ መሆኗም በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲሥ ተነግሮናል። ታዲያ እኛ ማን ሆነን ነው አንዱን መርጠን ሌላውን የምንጥለው?

ጥፋቱ የልጁ ብቻ እንዳልነበረም እንመን። ሁለተኛውን መልእክት ያጨበጨብንለት እኛ ነን። ከአሁን በኋላ ወንድማችሁ ለአክስቱ የጻፈውን ሲያሳያችሁ «አክብሮት የለውም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ቤት ውስጥ ምን ትላታለህ?» ከዚያ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የእሱን ድምፅ ካልሰማችሁበት እሷም አትሰማውም።

አላህ ለአዛውንቶቻችን ዓፊያውን ያብዛላቸው፤ እኛንም ዱዓቸው ከሚደርሳቸው ያድርገን። አሚን!