ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይንገሩን

ይድረስ ለአካባቢያችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ መብራት ለምን ጠፋ ብዬ ልወቅስዎ አይደለም። የዘመመ ምሰሶ ይቀየራል፣ ጭነት የበዛበት ትራንስፎርመር በሌላ ይተካል፤ ለዚያ ደግሞ መስመሩ መዘጋት አለበት። ይህን የማይረዳ ደንበኛ ብዙ አይመስለኝም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ለጥገና የምታቋርጡበትን ሰዓት በዋዜማው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አሳውቁን። ሰዓቱን እንዲህ ቆርጬ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው።

በማዕከልዎ ክልል ውስጥ ቤታቸው ተቀምጠው ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የሰው ድርጅት ሒሳብ የሚይዝ አለ፣ ድረ ገጽ የሚሠራ አለ፣ የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ አለ። እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ ሥራ የሚልኩልኝ አሜሪካ ያሉ የትርጉም ድርጅቶች ናቸው። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሎችና ፍርድ ቤቶችም አማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳይ ስላላቸው ያስተረጉማሉ። የዚያ ሥራ ከፊሉ እርስዎ በሚያስተዳድሩት መስመር ላይ ባሉ ቤቶች ውስጥ ይሠራል።

ዋሽንግተን አብዛኛውን ዓመት ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ረፋድ ነው፤ የትርጉም ድርጅቱ ሥራ አከፋፋይ ቢሮዋ ገብታ መልእክት እያነበበች ነው። እኛ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ግን እዚያ እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ሠራተኞችዎ ምሰሶው ላይ ከወጡ በኋላ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ እኔ ቶሎ ባነበውም ደንበኛዬ ዘንድ የሚደርሰው ማንም በማይሰማበት ሰዓት ነው።

በምሳሌ ላስረዳዎ። አንድ የ24 ገጽ የሆስፒታል ሰነድ ረቡዕ በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 3፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት መድረስ አለበት እንበል። በዚያው ረቡዕ እናንተ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መስመር ዘግታችሁ ልትሠሩ ነው። የማስረከቢያው ሰዓት መብራት በሌለበት መሐል ወደቀ ማለት ነው።

ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ካወቅሁ መጀመሪያ የምሠራው ፋይሎቹን ማውረድ ነው። ብዙ የትርጉም ሥራ አሁን የሚሠራው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጹ እጅዎ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ሰነዱን፣ የድርጅቱን የቃላት ዝርዝርና የቀድሞ ትርጉሞቹን አውጥቼ ኮምፒውተሬ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም እከፍታቸዋለሁ፤ እንደ OmegaT ያለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በ Google Docs የምሠራ ከሆነም ያለ ኢንተርኔት የሚያሠራውን ምርጫ መብራት ሳለ አበራለሁ፣ ከዚያም ዋይፋዩን አጥፍቼ ሰነዱ መከፈቱን አያለሁ። ይህችን ሙከራ የዘለለ ሰው በማግስቱ ባዶ ገጽ ያያል፤ ምርጫው ካልበራ ኢንተርኔት ከሄደ በኋላ ማብራት አይቻልምና።

ቀጥሎ ኃይል ነው። የአንድ መካከለኛ ላፕቶፕ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ፣ ዋይፋይ አጥፍቼ ጽሑፍ ብቻ ከጻፍኩበት በሰዓት 12 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይህ የ4 ሰዓት ሥራ ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በስሌት 74 ዋት ሰዓት ቢሆንም ቮልቴጁ ሲቀየርና ሲሞቅ ከፊሉ ስለሚባክን ላፕቶፑ የሚያገኘው ከ45 እስከ 50 ብቻ ነው። እሱም ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ያለው 8 ሰዓት በልክ ተሞላ ማለት ነው። ነገር ግን በልክ ነው። ሁለቱም ማታውን ሙሉ በሙሉ ካልተሞሉ ስሌቱ ይፈርሳል፣ ለመሙላት ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዴስክቶፕ ያለው ሰው ሁኔታው ከዚህም ይከፋል። ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ ዩፒኤስ ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በወጉ ለማጥፋት እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አልተሠራም።)

ራውተሩን በተመለከተ፣ አብዛኛው ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ትንሽ የራውተር ባትሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያቆየዋል። ቤቱ የፋይበር መስመር ካለው ከግድግዳው እስከ ቴሌ ጣቢያው ያለው መስመር መንገድ ላይ መብራት አይፈልግም፤ ሰፈሩ ጨልሞ ኢንተርኔት ሊኖር ይችላል። የመዳብ መስመር ከሆነ ግን መንገድ ዳር ያለው ሣጥን ራሱ መብራት ስለሚፈልግ ራውተሬን ማብራቴ ዋጋ የለውም። የስልክ ዳታ ይቀራል። እሱም ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ይዳከማል፤ የኔትወርክ ማማው በባትሪ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ሰፈርተኛውም ሁሉ ወደ ስልኩ ዞሯል። ስለዚህ ያለቀውን ክፍል ሳላቆይ ረፋድ ላይ እልካለሁ፤ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አልጠብቅም። ላፕቶፑ ሆትስፖት ባገኘ ቁጥር ዝመና እያወረደ ጥቅሌን እንዳይጨርስብኝም በ Windows ላይ Metered connection የሚለውን ቀደም ብዬ አበራለሁ።

የመጨረሻው መልእክቱ ነው፤ ደብዳቤዬን ያጻፈኝም እሱ ነው። ማክሰኞ ማታ ለሥራ አከፋፋይዋ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ነገ በእናንተ ሰዓት ከሌሊቱ 7 እስከ ጠዋቱ 4 እኔ ጋ ለጥገና መብራት ይቋረጣል። 14 ገጽ አልቋል፣ አሁን አያይዤዋለሁ። ቀሪውን 10 ገጽ በሰዓቱ ለማስረከብ ተዘጋጅቻለሁ፤ ኔትወርክ ቢከለክለኝ ግን በእናንተ ሰዓት ከጠዋቱ 5 በፊት ይደርሳችኋል። ያ የሚዘገይባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩኝ።» ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ያለቀው ተልኳል፣ አዲሱ ቀጠሮ ተቆርጧል፣ ለእነሱም ሌላ ሰው የመፈለጊያ ጊዜ ተርፏል። ስለ ትራንስፎርመራችን ታሪክ አልተርክላትም፤ እሷ የምትፈልገው ለሆስፒታሉ የምትነግረውን ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት የተቆጣ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ያንኑ ረቡዕ ያለ ማስታወቂያ ያስቡት። ጠዋት ላፕቶፑ ግማሽ ባትሪ አለው፣ ሰነዱ ድረ ገጹ ላይ ነው፣ ፓወር ባንኩን ልጆች ማታ ለስልክ ተጠቅመውበታል። መልእክት ብልክም የሚያነበው የለም። ሥራ አከፋፋይዋ ቢሮ ገብታ ስታየው የማስረከቢያው ሰዓት ደርሷል ወይም አልፏል። መብራቱ የጠፋው ለዚያው 9 ሰዓት ነው፤ እናንተም የሠራችሁት ያው ጥገና ነው። ልዩነቱ የማክሰኞ ማታዋ ማስታወቂያ ብቻ ናት። በሁለተኛው ሁኔታ ሰነዱ ሌላ አገር ላለ ተርጓሚ ይሄዳል፣ ቀጣዩም ተከትሎት ይሄዳል።

ድንገተኛ ብልሽትን ማንም በዋዜማው ሊያውቅ አይችልም። ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ሽቦ ላይ የሚወድቅ ቅርንጫፍ አለ። እዚህ ላይ የምጠይቅዎ ከዋዜማ ማስታወቂያ ያነሰ ነው። የጥገና ቡድኑ ቦታው ደርሶ ብልሽቱን ካየ በኋላ ግምቱን ይንገረን። «በ1 ሰዓት ውስጥ» ካላችሁ ባትሪዬን ቆጥቤ ቤቴ እጠብቃለሁ። «ዛሬ አይመለስም» ካላችሁ ባትሪው ሳያልቅ ታክሲ ይዤ ጄኔሬተር ወዳለው ካፌ እሄዳለሁ። የሚጎዳኝ «እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ነው። በእሱ ተማምኜ ስጠብቅ ባትሪው ያልቃል፣ ካፌውም በሰው ይሞላል።

ስለ ማስታወቂያው አጻጻፍም አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈር ስሞች ተደርድረው መጨረሻ ላይ «እና አካባቢው» ይላል። ይህ «አካባቢው» የኔን ቤት ይጨምር አይጨምር በየጊዜው እንቆቅልሽ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቴ በሌላ ትራንስፎርመር ስለሚጠቀም እሱ ጋ ሲበራ እኔ ጋ ይጨልማል። እናንተ የምትዘጉት ሰፈር አይደለም፣ መስመር ነው። የትኛው ቤት በየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚጠቀም ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ለየደንበኛው ቢነገርና ማስታወቂያው ከዚያ በኋላ ትራንስፎርመሩን ቢጠራ፣ እኔም በከንቱ ደንበኛዬን አላስደነግጥም፣ ጎረቤቴም አይታለልም። ፕሮግራሙ ሲሰረዝም ይነገረን። መብራት ይጠፋል ብዬ ለደንበኛ ጽፌ ሳይጠፋ ቢውል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሌ ይቀልላል።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሆነ ተነግሮናል። ያ ኃይል እኔ ቤት የሚደርሰው ግን በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ15 ኪሎ ቮልት መስመርና ጥግ ላይ ባለው ትራንስፎርመር አልፎ ነው። ይህ የመጨረሻው መንገድ እስኪታደስ ዓመታት እንደሚወስድ እገምታለሁ፣ ገንዘቡም በእርስዎ እጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የነገው የሥራ ፕሮግራም ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይፈረማል። ሠራተኛ ይመደባል፣ መኪና ይታዘዛል፣ የሚዘጋው መስመር ይጻፋል። ያንኑ ወረቀት ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት በማዕከሉ የቴሌግራም ቻናል እንዲለጠፍ አንድ ሠራተኛ እንዲመድቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከማዕከልዎ ደንበኞች አንዱ፣ ተርጓሚ