የግፊት መድኃኒት የወንድነት አቅምን ሲያዳክም

በካፋ ዞን የሚኖሩ የ50 ዓመት አባወራ ናቸው እንበል። ለደም ግፊታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዘዘላቸው። በሁለተኛው ወር ብልታቸው መቆም ተሳነው። አፍረው ለማንም ሳይናገሩ ኪኒኑን ተዉት። ግፊት ግን ሕመም ሳያሰማ ስለሚጨምር እኚህ ሰው ለስትሮክ ተጋለጡ ማለት ነው።

መድኃኒቱን ከማቋረጥ በፊት ምክንያቱን መለየት ይገባል። ችግሩ የታየው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በሳምንታት ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱ ይጠረጠራል። ቀድሞም ከነበረ ግን ግፊቱ ራሱ የደም ሥሮችን ጎድቶ ወይም የስኳር በሽታ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል ስኳርም ይመርመሩ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አቴኖሎል በዚህ ችግር ይታወቃሉ። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ግን እምብዛም አያስከትሉትም። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። አቴኖሎልን በድንገት ማቆም በተለይ ለልብ ሕመምተኛ አደገኛ በመሆኑ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንም ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ እነርሱንም ቢሆን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

ሲልደናፊልን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ገዝቶ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሁለቱን ቢደርብ ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ በቅርብዎ ጤና ጣቢያ «መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ብልቴ አልቆም አለኝ» ማለት ይበቃል። ባለሙያውም ታካሚው እስኪናገር ሳይጠብቅ በየክትትሉ ይጠይቅ። ባለመጠየቁ የተቋረጠ መድኃኒት ሕመምተኛው በስትሮክ ከወደቀ በኋላ ብቻ ሊታወቅ ይችላል።