ብር የወደቀው በአንድ ሌሊት አይደለም



በከተማችን ካሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆማችሁ መደርደሪያውን ተመልከቱ። የምግብ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የእጅ ስልኩ፣ የባጃጁ ጎማ፣ ሚስማሩና ቆርቆሮው ወይ ራሱ አለያም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የመጣ ነው። ባጃጁን የሚያንቀሳቅሰው ቤንዚንም እንደዚሁ። በአንጻሩ ከአካባቢያችን ተጭኖ የሚወጣው ጫት፣ በርበሬ፣ ቅቤና ቆጮ በአብዛኛው በወልቂጤና በአዲስ አበባ የሚሸጠው በብር ነው። እኛ ለምንሸምተው ዕቃ ዶላር ማምጣት ያለበት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ይህ የጉብሬ ሒሳብ የመላ አገሪቱም ሒሳብ ነው።

በ2014 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ሸቀጥ ያገኘችው 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከውጭ ያስገባችው ግን 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በመካከሉ ያለው 14 ቢሊዮን የንግድ ሚዛን ጉድለት ይባላል። ጉድለቱ በዚያው ዓመት ከአንድ ቦታ መሞላት ነበረበት። ከፊሉን የአየር መንገዳችን ገቢ፣ ከፊሉን ዘመዶቻችን ከውጭ የሚልኩት ሐዋላ፣ ከፊሉን ዕርዳታና የውጭ ባለሀብት ይሞላዋል። የቀረውን የሚሞላው ብድር ነው፤ ብድርም ካልተገኘ በብሔራዊ ባንክ ካለው የዶላር ክምችት ይቀነሳል። እነዚህ ሁሉ ተደምረውና ተቀንሰው የሚታዩበት ሒሳብ የክፍያ ሚዛን ይባላል።

እንግዲህ የንግድ ጉድለት ብቻውን ገንዘብን አይጥልም። ገንዘብን የሚጥለው ጉድለቱ በየዓመቱ እየተደጋገመ፣ የሚሞላውም ዶላር ለማያመጣ ሥራ በዋለ ብድር ሲሆን ነው። ስኳር ላኪ እንሆናለን ተብሎ በኢሕአዴግ ዘመን የተጀመሩትን ፋብሪካዎች አስታውሱ። ብዙዎቹ ዘገዩ፤ አገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን ቀጠለች፤ ዕዳው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ የዚሁ ቦንድ ወለድ የሆነውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፍል ቀረ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የባንክ ተመኑ በመንግሥት እጅ ነበር። ዶላር ሲያጥርና ዋጋው እንዳይጨምር ሲታገድ የሚከተለው ወረፋ ነው። አስመጪው ኤልሲ ለመክፈት በባንክ ወራት ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ይገዛል፤ ዕቃውንም የሚተምነው በዚያው ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ሲመነዝር፣ ጥቁር ገበያው በእጥፍ ገደማ ይገዛ ነበር።

አንዲት የጉብሬ እናት ልጃቸው ከሪያድ 200 ዶላር ላከላቸው እንበል። በባንክ ቢመጣ 11,400 ብር ይደርሳቸዋል፤ በጥቁር ገበያ ቢመጣ የዚያን እጥፍ ያህል። እናቲቱ ሁለተኛውን ቢመርጡ ማን ይፈርድባቸዋል? ነገር ግን ያ 200 ዶላር ባንክ አልገባም። ባንክ ባለመግባቱ እጥረቱ ይብሳል፤ እጥረቱ ሲብስ የጥቁር ገበያው ዋጋ ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር ደግሞ ቀጣዩ ሐዋላም ከባንክ ይሸሻል። ወርቅም በዚሁ መንገድ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ብርን ለመጠበቅ ተብሎ የተያዘው ተመን ራሱ ዶላርን አባረረ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋርም የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ስምምነት ተደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ፤ ዓመቱ ሳይሞላም ከ120 በላይ ሆነ። ነጋዴው ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ሲተምናቸው የነበሩ ዕቃዎች ድንጋጤው ያን ያህል አልነካቸውም። ድንጋጤው የከፋው መንግሥት በባንክ ተመን ያስመጣቸው በነበሩት እንደ ነዳጅ ባሉት ላይ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ82 ብር ከ60 ሳንቲም ተነስቶ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር በላይ ገባ፤ የባጃጅና የአይሱዙ ዋጋም ተከተለው።

እውነቱን ለመናገር ጥቅምም ታይቷል። ወርቁ ወደ ባንክ ተመለሰ፤ የቡና ዋጋም በዓለም ገበያ ጨመረ፤ በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግድ ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ሆኖም በዚያው ዓመት ከውጭ ያስገባነው ከላክነው ከእጥፍ በላይ ነበር። በብር ላይ ያለው ጫና ያልቀረውም ለዚህ ነው።

ተመን መቀነስ ብቻውን ጉድለትን እንደማይዘጋ ከዚህ በፊት አይተናል። በመስከረም 1985 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር፣ በ2002 መጨረሻ ከ13 ብር ተኩል ገደማ ወደ 16 ብር ከፍ ብሏል፤ በጥቅምት 2010 ደግሞ ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ተቀንሷል። የ2002ቱን እንመርምር። ላኪው ለእያንዳንዱ ዶላር 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ብር አገኘ። ዓመት ሳይቆይ፣ በነሐሴ 2003፣ የዋጋ ንረቱ ወደ 40 በመቶ ደረሰ። ላኪው ለጆንያ፣ ለጭነትና ለሠራተኛ የሚከፍለው ካገኘው ጭማሪ በላይ ሮጠ። የተገኘው ጥቅም በአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ተበላ፤ ሸማቹ ግን ሁለት ጊዜ ከፈለ። በዚያ ላይ ምላሹ ቶሎ አይመጣም። ዋጋው ስለጨመረ ዛሬ የተተከለ ቡና ፍሬ የሚሰጠው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ መድኃኒትና ነዳጅ ደግሞ ስለተወደደ ብቻ አይቀርም።

በመሆኑም ፓርቲያችን «ዶላርን ወደ 57 ብር እንመልሳለን» ብሎ አይዋሻችሁም። እንዲህ የሚል ካለ ወረፋውንና ጥቁር ገበያውን መልሶ ሊያመጣ ነው። የእኛ ቃል ሦስት ነው። አንደኛ፣ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር የሚሸፍንበት ልማድ እንዳይመለስ እንቆጣጠራለን፤ የ2003ቱን ዓይነት ንረት ካስነሱት ነገሮች አንዱ እሱ ነበርና። ሁለተኛ፣ ማንኛውም የውጭ ብድር ለምክር ቤት ሲቀርብ ፕሮጀክቱ ስንት ዶላር እንደሚያመጣ ወይም እንደሚያድን፣ የሚመለስበትስ ጊዜ መቼ እንደሆነ አብሮ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ የብሔራዊ ባንክ የዶላር ክምችት ለስንት ሳምንት ገቢ ንግድ እንደሚበቃ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጻል።

ይህ ሦስተኛው ለእናንተ የተሰጠ መመዘኛ ነው። ክምችቱ እየቀነሰ፣ የኤልሲ ወረፋው እየረዘመ፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ እየራቀ ሲሄድ ካያችሁ፣ ብር ቀጥሎ እንደሚወድቅ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ድምፃችሁን ሊጠይቃችሁ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «ጉድለቱን የምትሞሉት በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።