ሁለቱ ደቂቃ የት ገባ?

እኛ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክበብ አባላት ባለፈው ወሰነ ትምህርት «ክትባት ሰውነትን እንዴት ያሠለጥናል?» የሚል የሁለት ደቂቃ የካርቱን ፊልም መሥራታችን ይታወሳል። ሥዕሎቹን ከወረቀት ቆርጠን፣ ጠረጴዛ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስን፣ በስልክ አንድ በአንድ ፎቶ አንስተን ያዘጋጀነው ነው። በአዳራሽ ያያችሁት ሁሉ አጨብጭባችሁልናል፤ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ፊልሙን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አሳይተን «እስቲ ያያችሁትን ንገሩን» ብንላቸው፣ ያገኘነው መልስ አንገታችንን አስደፋን። አብዛኞቹ ያሉን «መድኃኒቱ በመርፌ ገባና በሽታውን ገደለው» ነው።

ይህ ደግሞ ፊልማችን ሊያስተምር ከተነሣበት ነገር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። የኩፍኝ ክትባት ራሱ ማንንም አይገድልም። ክትባቱ የተዳከመ የኩፍኝ ቫይረስ ነው። ሥራውም ለሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ ማስተዋወቅ ነው፤ የሚዋጋው ሰውነት ነው። ትረካችን ይህንኑ በቃል ተናግሯል፤ አንድም የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም። ታዲያ ልጆቹ ከየት አመጡት?

ሰዓት ይዘን ፊልሙን ደጋግመን አየነው። አሥራ ሁለት ትዕይንት ነበረው፤ እያንዳንዱም 10 ሴኮንድ። እንደ ድፎ ዳቦ ለሁሉም እኩል ቆርሰን አድለናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትዕይንቶች እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ ክትባት እንዴት እንደጀመረ ተረክን፤ 20 ሴኮንድ በዚህ አለቀ። ሰውነት ጠላቱን የሚለይበት፣ የሚባዛበትና የሚያስታውስበት ነገር ሁሉ ግን በአንዲት 10 ሴኮንድ ታጭቋል። መርፌ ይገባል፣ ሕዋሳት ውር ውር ይላሉ፣ ወዲያው ጋሻ ብቅ ይላል። ልጆቹ ያዩትን ነው የነገሩን። ስሕተቱ በትረካው ውስጥ ሳይሆን በሰዓቱ ውስጥ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነውም ይኸው ነው። ስለ ክትባት በሚሠራ አጭር ፊልም ውስጥ የትዕይንት ርዝመት የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ትምህርቱ ነው። ምክንያቱም ክትባት የሚሰጠን ዋና ነገር ጊዜ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በደማችንና በሊምፍ ዕጢዎቻችን ውስጥ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ መካከል አንቲቦዲ የሚሠሩት ወገኖች እያንዳንዳቸው የሚይዙት አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው፤ ልክ አንድ ቁልፍ ለአንድ ቁልፍ ጉድጓድ እንደሚሠራው ማለት ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ለእርሱ የሚገጥሙት ሕዋሳት በጣም ጥቂት ናቸው። እስኪገናኙ ጊዜ ይፈጃል። ከተገናኙ በኋላም አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ መባዛት አለባቸው። አንቲቦዲው በበቂ መጠን ደም ውስጥ የሚገኘው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ነው። እውነተኛው የኩፍኝ ቫይረስ ደግሞ ወደ ሰውነት ከገባ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱንና ሽፍታውን ያወጣል። እንግዲህ ያልተከተበ ልጅ ሽቅድምድሙን የሚሸነፈው ሰውነቱ መዋጋት ስለማይችል አይደለም፤ ስለሚዘገይበት ነው።

የተከተበ ልጅስ? ውጊያው ሲያልቅ ከተባዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን አስታዋሽ ሆነው ለዓመታት ይቀራሉ። አንቲቦዲም ከደም ጨርሶ አይጠፋም። እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ፍለጋ የለም፤ መልሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳል። በመጀመሪያው ጊዜ ዘገምተኛ፣ በሁለተኛው ጊዜ ፈጣን። «ሥልጠና» የምንለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ታዲያ እኛ ለሁለቱም እኩል 10 ሴኮንድ ሰጥተን ልዩነቱን በገዛ እጃችን ደመሰስነው!

ይህ ነገር ከክፍል ውጭም ያስከፍላል። ክትባት እንደ ጋሻ በቅጽበት ይደርሳል ብላ ያመነች እናት ልጇ በተከተበ በሦስተኛው ቀን ኩፍኝ ካለበት ልጅ ጋር ቢውልና ቢታመም «ክትባቱ አልሠራም» ትላለች። ለጎረቤትም ትነግራለች። መልሱ ገና በመሰናዳት ላይ እንደነበር የነገራት የለም። የእኛም ፊልም አልነገራትም።

ስለዚህ ፊልሙን እንደገና አቀድነው። ትዕይንቶቹን ዘጠኝ አደረግን። መጀመሪያ በአንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት ልጆች ይታያሉ፤ ኩፍኝ ገብቶ አንዱ ይታመማል፣ ሌላዋ ትተርፋለች። ይህ ጥያቄ መፍጠሪያ ስለሆነ 10 ሴኮንድ በቃው። ቀጥሎ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ስትከተብና የተዳከመው ቫይረስ ሲገባ 12 ሴኮንድ። ከዚያ ፍለጋው ይመጣል፤ ለእርሱ 22 ሴኮንድ ሰጠን። መባዛቱና አንቲቦዲ መሥራቱ 18 ሴኮንድ፣ ብዙዎቹ ሄደው አስታዋሾቹ ብቻ ሲቀሩ 16 ሴኮንድ። ዓመታት አልፈው እውነተኛው ቫይረስ በትንፋሽ ሲገባ 8፣ ፈጣኑ መልስ 10 ሴኮንድ። በመጨረሻም ሁለቱ ጊዜያት ጎን ለጎን ሆነው ሲነጻጸሩ 12፣ ወደ ሁለቱ ልጆች ተመልሰን ስንዘጋ 12። ድምሩ 120 ሴኮንድ ነው። ጄነር ተሰናበተ፤ የእርሱን ታሪክ መምህሩ ከፊልሙ በፊት በቃሉ ሊነግራቸው ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍለጋው 22፣ ፈጣኑ መልስ 10 መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ትዕይንቶች በአንድ ዓይነት ሥዕል መታየት አለባቸው። የደም ሥሩ በዚያው ቦታ፣ ቫይረሱ በዚያው በግራ በኩል፣ በቀኝ ጥግ ደግሞ ቀን የሚቆጥር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር። ሥዕሉ ከተለወጠ ተመልካቹ አዲሱን ሥዕል ሲያጠና ፍጥነቱ ያመልጠዋል። ሥዕሉ ያው ሆኖ አካሄዱ ብቻ ሲለወጥ ግን ማንም ሳይነግረው «አሁንስ ፈጠነ!» ይላል።

«22 ሴኮንድ አንድ ትዕይንት ላይ መቆም ልጆችን ያሰለቻል» ያሉን መምህር አሉ። አስተያየታቸውን አክብረን እንመልሳለን። የሚያሰለቸው ርዝመቱ ሳይሆን ምንም ነገር አለመለወጡ ነው። በፍለጋው ውስጥ በየአራት ወይም አምስት ሴኮንዱ አንድ ነገር ይሆናል፤ አንድ ሕዋስ ቀርቦ ይሞክራል፣ አይገጥምም፣ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል፣ አይገጥምም። ካላንደሩ አንድ ቀን ይገለብጣል። ሦስተኛውም አይገጥምም። አራተኛው ሲገጥም ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ይለቃል። መሰልቸት ሳይሆን መጠበቅ ነው፤ ያለ መጠበቅ ደግሞ መዘግየትን ማስተማር አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር፣ ፍለጋውን መጀመሪያ ያሳጠርነው ስንፍና ይዞን ነው። በሴኮንድ 12 ፎቶ እናነሣለን፤ 22 ሴኮንድ ማለት 264 ፎቶ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል። በኋላ እንደገባን ግን የቆመ ሥዕል ሥራ አይጨምርም። ሕዋሱ ገጥሞ ሲቆም ያችኑ አንዲት ፎቶ ለሁለት ሴኮንድ ማስቀጠል ይቻላል። በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ነው የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተማሪ በትንሿ ስክሪን የሚያየውን ነገር የሚያገኘው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛም በቁጠባ ሠርተን ፊልሙን በሙሉ እንደገና ለመሥራት ተገደድን።

ትረካውስ? በክፍል ውስጥ በምንናገርበት ፍጥነት ጮክ ብለን አንብበን ስንለካ በደቂቃ ወደ 100 ቃል ደረስን። ለሁለት ደቂቃ 200 ቃል ይገባል ማለት ነው። እኛ ግን ከ150 እንዳይበልጥ ወሰንን። ትረካው ሙሉውን ጊዜ ከያዘ ዓይን ሥራ ይፈታል፤ ልጁ ይሰማል እንጂ አያይም። ለምሳሌ በፍለጋው ትዕይንት የሚነገረው «ይህ አይገጥምም። ይኸኛውም አይገጥምም። ሰውነት ግን ፍለጋውን አያቆምም» ነው፤ ከዚያ ዝምታ፤ ሲገጥም «ገጠመ!»። እንደ አንቲቦዲ ያለ አዲስ ቃል ሲመጣም ሥዕሉ ይቅደም፣ ስሙ አንድ ሴኮንድ ቆይቶ ይከተል። ሁለቱ አብረው ከመጡ አንዱ ይጠፋል።

ጊዜ አመዳደቡ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ድምፁን አጥፍታችሁ ፊልሙን ላላየ ሰው አሳዩትና ሁለት ነገር ጠይቁት፤ «ማን ነው የተዋጋው?» እና «የትኛው ጊዜ ፈጠነ? ለምን?»። የመጀመሪያውን «መርፌው» ካለ ፍለጋው አጥሯል። ሁለተኛውን መመለስ ካቃተው ደግሞ አስታዋሾቹ የሚቀሩበት ትዕይንት አጥሯል፤ ያ ትዕይንት ጸጥ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እርሱን ነው።

በሁለት ደቂቃ የማይገባ ነገርም አለ። ቫይረሱ የገባባቸውን ሕዋሳት የሚያጠፉትን ሌሎቹን ነጭ የደም ሕዋሳት ሆን ብለን ትተናል። ያልተውነው አንድ ነገር የሁለተኛው ክትባት ነው። በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ከ100 ሕፃናት ወደ 85ቱን ይጠብቃል፤ የቀሩት ሰውነታቸው በመጀመሪያው አልተማረም። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ለእርሱ አዲስ ትዕይንት አልጨመርንም፤ ብንጨምር ከፍለጋው ላይ መቁረጥ ነበረብን። በመዝጊያው ላይ የልጅቷ እናት የክትባት ካርዱን ከፍታ ሁለተኛውን ምልክት ስታሳይ ሦስት ሴኮንድ በቃን።

አዲሱን ፊልም ለዚያው ክፍል መልሰን ልናሳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን እናንተ መምህራኖቻችንና እጩ መምህራን ጓደኞቻችን ሰዓት ይዛችሁ እንድትፈትኑት እንፈልጋለን። «ይህ ይርዘም፣ ያ ይጠር» የምትሉት ካለ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባንጠለጠልነው ወረቀት ላይ የትዕይንቱን ቁጥርና ሴኮንዱን ጽፋችሁ ተዉልን። «ቆንጆ ነው» የሚለውን ግን አትጻፉ፤ እሱን ባለፈው ጊዜ ሰምተነዋል።