18 ማዞሪያ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚኖር አንድ ሰው ጥሩ ይርጋጨፌ ገዛ እንበል። ቡናው በስሱ የተቆላ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ከውጭ ዘመድ የላከለት የወረቀት ማጥለያም አለው። አብሮት የመጣው መመሪያ «ውሃውን አፍልተው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያፍስሱበት» ይላል። ሰውየው እንደተባለው አደረገ። የወጣው ግን የሚኮመጥጥና ውሃ ውሃ የሚል ነገር ሆነ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፦ «ቡናው ነው የማይረባው!»

ቡናው ምንም አላጠፋም። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው።

ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር ማሸነፍ ሲችል ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይሸነፍለታል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው 18 ማዞሪያ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበት በፍጥነት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ዲግሪ የሚመረጥበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ 96 ላይ ተደርጎ እዚህ ከተማ ሲንተከተክ ቢቆይና አልጠፋ ቢል አልተበላሸም። የማይደርስበትን ነገር እየጠበቀ ነው።

ለሚጠለል ቡና በብዛት የሚመከረው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። እኛ ዘንድ ውሃው ገና ሲፈላ ከዚህ ታችኛው ጫፍ አጠገብ ነው ያለው። ግማሽ ደቂቃ ሲጠበቅና ቀዝቃዛ ማጥለያ ላይ ሲፈስ ከ90 በታች ይወርዳል። ከቡና ውስጥ ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው። ጣፋጩና ሚዛን የሚያስይዘው መራራ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ሙቀትም ይፈልጋሉ። ሙቀቱ ሲያንስ ጽዋው ውስጥ ኮምጣጣው ብቻውን ይቀራል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ማጥለያውን በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ውሃው እየተንተከተከ እያለ ሳይጠብቁ ማፍሰስ፣ ቡናውን ትንሽ አልሞ መፍጨት። ከአንዱ ቡና ሁለት ጊዜ አፍልቶ ማወዳደርም ይቻላል፤ አንዱን እንደ መመሪያው፣ ሌላውን እንዲህ። ሁለተኛው ላይ ኮምጣጣው ወደ ጣፋጭነት ካዘነበለ ጥፋቱ የሙቀቱ ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከኮመጠጡ ያኔ ቡናውን መጠርጠር ይቻላል።

ጀበና ይህ ችግር የማይነካው በምክንያት ነው። የተወቀጠው ቡና እዚያው ፍም ላይ ካለው ውሃ ጋር አብሮ ይፈላል፤ 92 ዲግሪው ለደቂቃዎች አይወርድም። የጎደለውን ሙቀት ጊዜው ይከፍላል። ማጥለያ ይህን ጊዜ አይሰጥም።

የካፌዎቹ ማሽን ጉዳይ ደግሞ ብዙም አይወራበትም። ብዙዎቹ የጣሊያን ማሽኖች የቡናውን ውሃ የሚያሞቁት በእንፋሎት ቦይለሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። የቦይለሩን ሙቀት የሚወስነው በግፊት የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ የሚለካውም ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ጌጁ ላይ 1 ባር ሲነበብ ባሕር ዳርቻ ያለ ቦይለር 120 ዲግሪ ገደማ ነው። 18 ማዞሪያ ያለው ግን፣ ውጭው አየር ቀላል ስለሆነ፣ ያው 1 ባር እየተነበበ 116 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። ቦይለሩ በቀዘቀዘ መጠን ቡናው ላይ የሚደርሰውም ውሃ ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተከለ፣ ጌጁ ልክ ነው እያለ ማኪያቶው ይበላሻል። ልዩነቱን ለመሙላት ግፊቱን ወደ 1.25 ባር ከፍ ማድረግ ይበቃል። ይህን ማድረግ ያለበት ግን የማሽኑን የደኅንነት ቫልቭ ልክ የሚያውቅ ቴክኒሻን ነው።

ይህን የማያደርግ ካፌ የሚቀረው ቀላል መንገድ ቡናውን አጥቁሮ መቁላት ነው። በጣም የተቆላ ቡና ዝቅ ባለ ሙቀትም ቶሎ ስለሚለቅ መኮምጠጡ ይጠፋል። አብሮት ግን ይርጋጨፌውን ከሌላው ቡና የሚለየው ጣዕም ይጠፋል። ገዥው ለአበባ ሽታው ከፍሎ የሚጠጣው የከሰል ጣዕም ይሆናል።

ስለዚህ ቡናውን ከማሳረራቸው በፊት ቴክኒሻን ጠርተው ማሽኑን ለዚህ ከተማ ከፍታ ቢያስተካክሉ ይሻላል። ይርጋጨፌ ድረስ ሄደው ምርጥ ቡና ሲያመጡ፣ እዚሁ ውሃቸው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አለማወቅ ሰበብ አይሆንም።